ከኢሜይል ግርጌ ምን ይጻፍ?

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የኢሜይሌን ፊርማ ሳስተካክል ዋልኩ። ስምና ስልክ ቀላል ነው፣ ያስቸገረችኝ የመዝጊያዋ መስመር ናት። መጀመሪያ የመጣችልኝ "መልካም የሥራ ሳምንት" ነበረች፤ ግን ፊርማ አንዴ ከተሞላ በየኢሜይሉ ሥር ራሱ ነው የሚገባው፣ ዓርብ ከሰዓት በሚላከውም ጭምር። የእንቁጣጣሽ ምኞትማ ሳይነሳ እስከ ጥምቀት ሲላክ አይተናል። ጥቅስስ? አንዴ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ከአንድ ሰው ጋር ደጋግማችሁ ስትጻጻፉ ግን ያው ጥቅስ በየመልሱ ሥር ይደረደራል።

ስለዚህ እያንዳንዷን መስመር ሦስት ዓይነት ደብዳቤ ሥር አስገብቼ አነበብኳት፦ ክፍያ ዘገየብን የሚል ወቀሳ፣ ሐዘን ለደረሰበት ባልደረባ የሚጻፍ ማጽናኛ፣ "ደርሶኛል" ብቻ የሚል መልስ። "በደስታ እናገለግልዎታለን" ሐዘኑ ጋ ስትደርስ ወደቀች። "ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን" ወቀሳው ሥር ስትገባ ሽሙጥ መሰለች፣ የእኛ የጎጃም ሰው ደግሞ ሽሙጥ ቶሎ ነው የሚገባው 😄። ሦስቱንም ያለፈችው ያቺው የድሮዋ "ከሰላምታ ጋር" ናት። ዓይን ስለለመዳት ማንም ቆም ብሎ አያነባትም፣ ለዚህም ነው የማትሰለቸው።

ጂሜይል ላይ ለአዲስ ኢሜይልና ለመልስ የተለያየ ፊርማ መምረጥ ይቻላል። On reply/forward use በሚለው ቦታ ስሜ ብቻ ያለበትን አጭሩን መረጥኩ። ምስጋናም ሆነ ምኞት ሲኖረኝ ከፊርማው በላይ ራሴ እጽፈዋለሁ፣ ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ቀን ብቻ።