የዳሽቦርድ መብራት ትምህርት፦ ከስሙ በፊት ቀለሙ

የማስጠንቀቂያ መብራቶችን የምናስተምርበት የ45 ደቂቃ ዕቅድ አሁን መልክ ስለያዘ ለአሰልጣኝ ባልደረቦች ላካፍል። መግቢያው 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀይ አደጋ አለ ማለት ነው፣ ቢጫ በቅርቡ አስመርምር ይላል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ደግሞ በአብዛኛው በሥራ ላይ ያለውን ነገር ያሳውቃሉ።

ሰልጣኞች በጣም የሚቸገሩት አንዱ ሥዕል በሁለት ቀለም ሲመጣ ነው። ከአፉ ጠብታ የሚወርድበት የዘይት ዕቃ በቀይ ሲበራ የሞተር ዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነው፤ በአንዳንድ መኪኖች በቢጫ ሲበራ ግን የዘይቱ መጠን መቀነሱን ይናገራል። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ የታተመ ወረቀት ለዚህ ትምህርት አይሆንም፤ ትልቁን ትምህርት ይሰርዘዋል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን በቀለም አሳትሙ።

ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ይህ ነው፦ «እየነዳህ ሳለ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ምን ታደርጋለህ? ሀ) እስከ ጋራዥ በዝግታ እነዳለሁ። ለ) ዘይት ጨምሬ ጉዞዬን እቀጥላለሁ። ሐ) ጥግ ይዤ አቁሜ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ከዚያ የዘይቱን መጠን አያለሁ።»

«ለ» የሚያታልል መልስ ነው፣ ምክንያቱም መብራቱ የሚለካው መጠንን ሳይሆን ግፊትን ነው። ፓምፑ ከተበላሸ ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ወደ ሞተሩ ክፍሎች አይደርስም፤ ብረት ከብረት ይፋተግና ሞተሩ በአጭር ጊዜ ይነክሳል። መልሱን ካረማችሁ በኋላ ቅደም ተከተሉን አሳዩ። ሜዳ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ መለኪያ ዘንጉ ተጠርጎ እንደገና ገብቶ ይወጣል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ እስከ ሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሞላል። ሞተሩ ሲነሳ መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል፣ መኪናውም ይጎተታል። መጠኑ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ጭራሽ ማስነሳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ፈተና ሁለት ፎቶ ነው፦ አንዱ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሌላው ከተነሳ በኋላ። በመጀመሪያው የዘይትና የባትሪ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ በሁለተኛው መጥፋት አለባቸው። ከመጀመሪያው ፎቶ የዘይቱን መብራት አጥፉና «ምን ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨርሶ የማይበራ መብራትም ብልሽት እንደሆነ ሰልጣኙ የሚገነዘበው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ12 ሥዕል በላይ አታቅርቡ። ሥዕሉ በወረቀት የማይሆንበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም ብልጭ ድርግም የሚለው ቢጫ የሞተር መብራት ነው። ዝም ብሎ ከበራ ማስመርመር ይበቃል፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ሊያቃጥለው ስለሚችል ነዳጅ መስጫውን መልቀቅና ቶሎ ማቆም ያሻል። ይህን በስልክ ቪዲዮ አሳዩ።