ለሞኒተር የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሦስት መስመር ነበር። «የምሠራበት ሞኒተር ያረጀና ለግራፊክስ ሥራ የማይመች ስለሆነ የተሻለ እንዲገዛልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ይላል። በማግስቱ የቢሮ ኃላፊያችን አስጠሩኝ።

«ይበራል አይደል?» አሉኝ።

«ይበራል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው?»

መልስ አጣሁ። አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው። የቢሮውን ዕቃ ሁሉ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። የተበላሸ ዕቃ ማለት ለእሳቸው የማይሠራ ዕቃ ነው። የእኔ ሞኒተር ደግሞ ይሠራል። ችግሩ የሚያሳየኝ ነገር እውነት አለመሆኑ ነበር፤ ይህንን ግን ደብዳቤው አልተናገረም።

ሁለተኛውን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ብሮሸር ነው። የዕቃ ፎቶዎችን ከጀርባቸው ቆርጬ ነጭ ገጽ ላይ ደረደርኳቸው። ስክሪኔ ላይ ንጹሕ ነጭ ነበር። ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ግን በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ሣጥን ይታያል። መጀመሪያ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት መስሎኝ ነበር። ፋይሉን ከፍቼ በቀለም መልቀሚያው ስነካው የጀርባው የቀለም ቁጥር 247 ነው አለኝ። ንጹሕ ነጭ 255 ነው። ሦስት ከመቶ ያህል ግራጫ ቀርቷል ማለት ነው። ወረቀቱ አሳየው፣ ሞኒተሬ ደበቀው።

እዚህ ላይ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ማጣራት ነበረብኝ፦ ችግሩ የሞኒተሩ ነው ወይስ የአቀማመጡ? ብዙ ሞኒተር ከፋብሪካ ሲወጣ ብርሃኑ ከመጠን በላይ ከፍ ተደርጎ ነው። ብርሃን ሲበዛ ፈዛዛ ቀለሞች ይዋጣሉ። ሥራውም ሲታተም የጠቆረ ይመስላል። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይዤ፣ የሁለቱ ብርሃን እስኪቀራረብ ድረስ ቀነስኩት። «ሲታተም ጠቆረ» የሚለው ቅሬታ በዚህ ብቻ ቀለለ። ይህን ሳያደርጉ ግዢ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

የቀረው ግን የሞኒተሩ ነበር። በነጭ ገጽ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ከመቶ የሆኑ አምስት ግራጫ ሰቆችን ሠራሁ። ለእኔ የሚታዩት አራተኛውና አምስተኛው ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ ያንኑ አንድ ግራጫ በመስኮት ከፍቼ ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ጎተትኩት። አናት ላይ ጠቆር ይላል፣ ታች ሲወርድ ይነጣል። ቁጥሩ አልተቀየረም፤ ዓይኔ የሚያይበት ማዕዘን ነው የተቀየረው። ይህ ቲኤን የሚባለው የፓነል ዓይነት የታወቀ ጠባይ ነው። ርካሽ ለሆኑ የቢሮ ሞኒተሮች ብዙ ጊዜ ሲገጠም ኖሯል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ምንም አይልም። ቀለም ለሚመርጥ ሰው ግን ወንበሩን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ቀለሙ ይቀየርበታል።

ከዚያ ከብሮሸሩ ጀምሬ የአንድ ወር ማስታወሻ ያዝኩ። ከቀለም ጋር በተያያዘ የተመለሰ ሥራ ሁሉ፣ የፈጀብኝ ሰዓት፣ ድጋሚ የታተመ ካለ። ጠቅላላው አራት ሥራና አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ከአራቱ አንዱ ብሮሸሩ ነው፣ እሱም እንደገና ታትሟል። ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ምንም አልጨመርኩበትም። የደንበኛ ሐሳብ ተቀይሮ የተመለሰውን አውጥቼ ጣልኩት።

ሁለተኛው ደብዳቤ ዋናው ክፍሉ ይህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ ለግራፊክስ ሥራ የሚሆን ሞኒተር ስለመጠየቅ

አሁን የምሠራበት ሞኒተር ይሠራል፤ ነገር ግን ፈዛዛ ቀለሞችን አያሳይም፣ ቀለሙም እንደ አቀማመጤ ይለዋወጣል። ባለፈው አንድ ወር በዚህ ምክንያት አራት ሥራዎች ተመልሰዋል፣ አንዱ ድጋሚ ታትሟል፣ 11 የሥራ ሰዓት ባክኗል። ዝርዝሩን አያይዣለሁ። የብርሃን መጠኑን አስተካክዬ ሞክሬያለሁ፤ የተወሰነው ችግር ተቃሏል፣ የቀረው በማስተካከል የሚፈታ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ካለዎት ጠረጴዛዬ ላይ ላሳይዎት እችላለሁ። አዲሱ ሲመጣ ይህኛው ቀለም ለማይነካ ሥራ ያገለግላል።»

ከሥሩ መሟላት ያለበትን ጻፍኩ፦ የሚታይበት ማዕዘን ሲቀየር ቀለሙ የማይለዋወጥ አይፒኤስ ፓነል፣ 27 ኢንች፣ 2560 በ1440 ፒክስል፣ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ከፋብሪካ የቀለም ልክ የተወሰደለት። ሞዴል አልጠቀስኩም። ሞዴል ከጠቀስክ ያ ሞዴል ሲጠፋ ግዢ ክፍል የሚመስለውን ይመርጣል።

ኃላፊያችን መጡ። ግራጫውን መስኮት ከላይ ወደ ታች ጎተትኩላቸው። «አንተ ነህ የምትቀይረው?» አሉ። ማውሱን ሰጠኋቸውና ራሳቸው ጎተቱት። ከዚያ ብሮሸሩን አነሱና ሣጥኑን በጣታቸው ተከተሉት። ከደብዳቤው ይልቅ ይህ ነው የሠራው ብዬ አምናለሁ። ደብዳቤው ግን ጠረጴዛዬ ድረስ አመጣቸው።

«ይሄ ከተገዛ ድጋሚ ህትመት አይኖርም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ፈተና ነበር፤ አዎ ማለት በጣም ቀላል ነው። እውነቱን ነገርኳቸው። ስክሪን በብርሃን፣ ወረቀት በቀለም ነው የሚያሳየው። ሁለቱ መቼም አንድ አይሆኑም። ደማቅ አረንጓዴና ብርቱካን ወረቀት ላይ መደብዘዙ አይቀርም። ለትልቅ ሥራ አሁንም ከማተሚያ ቤቱ የሙከራ ህትመት መጠየቅ አለብን። የሚጠፋው እኔ ማየት ሲገባኝ ሳላየው የሚያልፈው ስህተት ነው። አንገታቸውን ነቀነቁና ፈረሙ።

ግዢ ክፍል መጀመሪያ ያገኘው 32 ኢንች ነበር። ትልቅ ስለሆነ የተሻለ መስሏቸው ነው። የፒክስሉ ብዛት ግን 1920 በ1080 ነው፤ ያው ፒክስል ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ፊደል ጠርዙ ይሻክራል። ለጌም የተሠራ ፈጣን ሞኒተርም ቀርቦ ነበር፣ ፓነሉ ቲኤን። ሁለቱም ከዝርዝሩ ጋር ስላልገጠሙ ወደቁ።

ትክክለኛው ሞኒተር መጥቶ በተገናኘ ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት ያንኑ ፋይል መክፈት ነው። ከአምስቱ ሰቆች አራቱ ታዩኝ። አንድ ከመቶው ደግሞ ጠጋ ስል ታየኝ። ግራጫው መስኮትም ከአናት እስከ ታች ያው ነው።

ከደብዳቤው የጎደለ ነገር ነበር፣ ኬብል። ኮምፒውተሬ ከድሮው ሞኒተር ጋር የተገናኘው በቪጂኤ ነበር። አዲሱ ያ ሶኬት ጭራሽ የለውም። ዲስፕሌይ ፖርት ኬብል እስኪፈቀድ አራት ቀን ሞኒተሩ ካርቶኑ ውስጥ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ ጀርባ ያለውን ሶኬት አይቶ አንድ መስመር መጨመር ይበቃ ነበር።

ሌላው የቀለም ማስተካከያ መሣሪያው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚለካው። የሞኒተር ቀለም በጊዜ ብዛት ይዋልላል፣ ዓይን ደግሞ ይለምደዋል። መሣሪያውን ከሞኒተሩ ጋር አንድ ላይ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ሦስተኛ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። በየወሩ መጀመሪያ አምስቱን ሰቆች ከፍቼ ስንቱ እንደሚታዩኝ እየመዘገብኩ ስለሆነ፣ ከደብዳቤው ጋር የማያይዘው ዝርዝር ከወዲሁ ተዘጋጅቷል።