የጋሼ 2 ሰዓትና የሰርቨሩ 2 ሰዓት

ቢሯችን ስታዲየም አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራችን ዕቃ ማከፋፈል ነው፤ መርካቶ፣ ሳሪስና መገናኛ መጋዘን አለን። ሁልጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አጭር ስብሰባ ይደረጋል። የትናንቱ ሽያጭ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ይታያል። ዳሽቦርዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በየማለዳው በእጄ ነበር የማድሰው። አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልኬ ለማደስ ስታገል መረረኝና ሥራውን ለክሮን ሰጠሁት።

ክሮን ሊኑክስ ላይ ሁሌም ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በየደቂቃው ይነቃል፣ ዝርዝሩን ያያል፣ ሰዓቱ የደረሰ ትዕዛዝ ካገኘ ያስነሳል። እያንዳንዱ መስመር በአምስት ቦታዎች ይጀምራል። ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን ናቸው። ኮከብ ካስቀመጥክ «ሁሉም» ማለት ነው። ከዚያ ትዕዛዙ ይከተላል። በቃ፣ ይኼው ነው።

አለቃዬ ጋሼ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይታደስ» አሉኝ። እኔም እንዳሉት ጻፍኩ።

```
0 2 * * * /home/app/refresh.sh
```

በማግስቱ ዳሽቦርዱ ታድሶ ጠበቀን። ቁጥርም ነበረው፣ የትናንት ቀንም ነበረው። ግን መገናኛ ባዶ ነበር። የሁሉም ድምር ውስጥ የመገናኛ ሽያጭ ስላልገባ ጠቅላላው አነስ ብሎ ታየ። የመገናኛው ልጅ ስልክ ተደወለለት። «ፋይሉን ልኬያለሁ» አለ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ልጁ ያለ ጥፋቱ ሁለት ጠዋት ተወቀሰ፤ እስካሁን ሳየው አፍራለሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ሰዓቱን ጠየቅሁት።

```
date; TZ=Africa/Addis_Ababa date
```

የመጀመሪያው መስመር ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት፣ ሁለተኛው በአዲስ አበባ ሰዓት ነበር። በመካከላቸው ሦስት ሰዓት አለ። የተከራየነው ሰርቨር ውጭ አገር ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ክሮን የኔን 2 ያነበበው በዩቲሲ ከእኩለ ሌሊት ሁለት ሰዓት በኋላ ብሎ ነው። እሱ ለእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። የመገናኛ ፋይል የሚገባው ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ልጁ መጋዘኑን ሲከፍት። ስክሪፕቱ ያገኘውን ይዞ ሥራውን በሰላም ጨርሷል። ስህተት የሚል መልእክት የትም የለም። ዳሽቦርድ ከነአካቴው ባይታደስ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሰው ያውቃል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው። ጋሼ የሚናገሩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት። በፈረንጅ አቆጣጠር ያ 8 ሰዓት ነው። በዩቲሲ ደግሞ 5። ስድስት ጨምረህ ሦስት ትቀንሳለህ፣ ማለትም ሦስት ትጨምራለህ። የቀን ሰዓት ሲሆን እኔ አሁን በቀጥታ ሦስት እደምራለሁ። ከዚህ የሚያፈነግጠው ጠዋት 12 ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱን እንደ ዜሮ ቁጠረውና 3 ይሆናል። ደግነቱ አገራችን በጋና ክረምት እያለች ሰዓት አትቀያይርም። ይህ ሒሳብ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

«ታዲያ የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ለምን አትቀይረውም?» ያለኝ ሰው አለ። ይቻላል። ግን ከቀየርክ በኋላ ክሮንን ራሱን ዳግም ማስነሳት አለብህ፤ አለዚያ በድሮው ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ በዩቲሲ የተለማመዱ የሌሎች ሰዎች ሥራዎችም አሉ። ከላይ `CRON_TZ` ብሎ መጻፍንም ሞክሬያለሁ። ሬድ ሃት በሚባለው ሊኑክስ ላይ ያለው ክሮን፣ ክሮኒ፣ ይቀበለዋል። የእኛ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ክሮን ግን እንደ ተራ ተለዋዋጭ ያልፈዋል፤ ሰዓቱ አይነቃነቅም። ስለዚህ ሰርቨሩን ትቼ መስመሩን አስተካከልኩ።

አስተካከልኩ ስል፣ አበላሸሁ ማለቴ ነው። ስቸኩል እንዲህ ጻፍኩ።

```
* 5 * * * /home/app/refresh.sh
```

«5 ሰዓት ላይ» ብዬ ነበር ያሰብኩት። ክሮን ግን ያነበበው «ሰዓቱ 5 በሆነበት ጊዜ ሁሉ፣ በየደቂቃው» ብሎ ነው። ከ5:00 እስከ 5:59 ስልሳ ጊዜ አስነሳው። ይህ ምናልባት በክሮን ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ነው። ጉዳቱን ግን በሒሳብ ካላዩት አይታመንም።

ስክሪፕቱ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዛችን ውስጥ ያለ አንድ ማጠቃለያ ያድሳል።

```
REFRESH MATERIALIZED VIEW daily_sales;
```

እድሳቱ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ማጠቃለያው ይቆለፋል፤ ማንበብ እንኳ አይቻልም። አንዱ ሳይጨርስ ሁለተኛው ሲመጣ ተሰልፎ ይጠብቃል። ስልሳ እድሳት በስድስት ደቂቃ ቢባዛ 360 ደቂቃ፣ ስድስት ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የጀመረው ሰልፍ የሚያልቀው ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ስክሪኑን ሲከፍቱ አምስቱ ብቻ አልቀዋል። የሳቸው ጥያቄ ከፊቱ ሃያ አምስት ያህል እድሳት ተሰልፎ አገኘ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መጠበቅ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከሯን ቀጠለች።

«አንተ ልጅ፣ ኢንተርኔት የለም እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«አለ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» አልኩ። ላብ አጠመቀኝ።

ዳታቤዙ ውስጥ ገብቼ `pg_stat_activity` ን ሳይ አንድ ዓይነት ትዕዛዝ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ሲያዩት ወዲያው ይገባል። መጀመሪያ መስመሩን ከክሮን አወጣሁ፤ ሰልፉን ብቻ ብበትነው በየደቂቃው አዲስ ይመጣ ነበርና። ከዚያ የተሰለፉትን ገደልኳቸው። ያን ቀን ስብሰባው በቃል ተካሄደ።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ይህንን መሰለ።

```
0 5 * * 1-6 flock -n /tmp/sales.lock /home/app/refresh.sh
```

`flock -n` የሚለው መቆለፊያ ነው። ያለፈው ዙር ካልጨረሰ አዲሱ ሳይጠብቅ ተመልሶ ይወጣል። ነገ ኮከብ ብሳሳት እንኳ ሰልፍ አይፈጠርም። `1-6` ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። እሑድ 0 ናት፣ እኛም እሑድ አንሠራም።

ይህ `1-6` ጥሩ ስለሠራልኝ በኋላ ጉድ አደረገኝ። ጋሼ የስቶክ ማጠቃለያም ፈለጉ። ከባድ ስለሆነ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዲሠራ ወሰንኩ፤ ያኔ ማንም የለም። ሌሊት 8 ሰዓት በፈረንጁ 2 ሰዓት፣ በዩቲሲ ደግሞ 23 ነው። ሰዓቱን በትክክል ቀየርኩ። ቀኑን ረሳሁ።

```
0 23 * * 1-6 /home/app/stock.sh
```

ሰኞ ጠዋት ስቶኩ አልታደሰም። ማክሰኞ ታድሷል። ረቡዕም። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና የለም። መጀመሪያ የመሰለኝ ቅዳሜና እሑድ ላይ ሰርቨሩ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ነው። ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ሰርቨሩ ገና እሑድ ላይ ነው። እሑድን ደግሞ ራሴ አስወጥቼዋለሁ። ቅዳሜ ማታ 23 ላይ የተነሳው ደግሞ ለእኛ እሑድ ሌሊት ነው፤ ማንም ለማያየው ቀን ይለፋ ነበር። ትክክሉ `0-5` ነው። አሁን ከሌሊት 6 ሰዓት በኋላ፣ ከ9 ሰዓት በፊት የሚሠራ ነገር ሲኖር ቀኑንም አንድ ወደኋላ እስባለሁ። 9 ሰዓት ላይ በዩቲሲም ቀኑ ይለወጣልና ከዚያ ወዲህ ችግር የለም።

ይህንን ለማጣራት ስል ሎግ ልጨምር ብዬ ሌላ ጉድጓድ ገባሁ። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑ እንዲጻፍ `date +%F` አስገባሁ። በእጄ ስሞክረው ሠራ። ክሮን ውስጥ ግን ምንም አልሆነ። ሲስተሙ ሎግ ላይ ትዕዛዜ ልክ የፐርሰንት ምልክቷ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። ክሮን ውስጥ ፐርሰንት አዲስ መስመር ማለት ነው፤ ከፊቷ `\` ካላደረግህ ትዕዛዙን ትቆርጠዋለች። እኔ ከዚያ ወዲህ ክሮን ውስጥ ብልጠት አልጽፍም። ቀን፣ ሎግ፣ ማጣሪያ፣ ሁሉም ስክሪፕቱ ውስጥ ይገባል። በክሮኑ መስመር ላይ ሰዓቱና የስክሪፕቱ ሙሉ አድራሻ ብቻ ይቀራል።

ይህ ልማድ ሲቆይ ጠቀመኝ። ጋሼ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ላይ ብቻ የሚወጣ ሪፖርት ጠየቁ። `0 5 1-7 * 1` ብሎ መጻፍ ያጓጓል፤ ከ1 እስከ 7 ካለው ቀን ሰኞ የሆነው፣ አይደል? አይደለም። የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን ሁለቱም ከተሞሉ ክሮን «ወይም» ብሎ ነው የሚያነባቸው። ከ1 እስከ 7 በየቀኑ፣ በተጨማሪም በየሰኞው ይነሳል። ስለዚህ ክሮኑ ላይ `0 5 1-7 * *` ብዬ ስክሪፕቱን በዚህ አስጀመርኩት።

```
[ "$(date +%u)" = 1 ] || exit 0
```

ዛሬ ሰኞ ካልሆነ ዝም ብሎ ይወጣል። ጋሼ ግን ሪፖርቱን አይተው «ይኼ የፈረንጅ ወር ነው እኮ፣ እኔ ያልኩህ ጥቅምት ነው» አሉ። ክሮን ጥቅምትን አያውቅም። አሁን መስመሩ `0 5 * * 1` ሆኗል፤ በየሰኞው ይነሳና የእኛን ቀን ራሱ ስክሪፕቱ ያሰላል፤ ከ1 እስከ 7 ካልሆነ ይወጣል። ጳጉሜ ላይ ሰኞ ሲመጣ ምን ይሁን ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ጳጉሜ ወር ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ስክሪፕቱ 13ኛውን ወር እንዲዘል አደረግሁት።