አማካዩ ልክ ሆኖ ውጊያው የተዛባበት ጨዋታ

ቀደም ሲል እሠራበት የነበረው አነስተኛ የሶፍትዌር ቢሮ ለስልክ የሚሆን የግዛት ማስፋፊያ ጨዋታ ያዘጋጅ ነበር። የውጊያው ሕግ አልበር ላሞሪስ የተባለ ፈረንሳዊ የፊልም ባለሙያ ከፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ቀርቦ በኋላ ሪስክ በሚል ስም ከታወቀው የሰሌዳ ጨዋታ የተወረሰ ነው። አጥቂው እስከ ሦስት፣ ተከላካዩ እስከ ሁለት ዳይስ ይጥላሉ፤ ከዚያ የአጥቂው ትልቁ ቁጥር ከተከላካዩ ትልቁ ጋር፣ የአጥቂው ሁለተኛው ደግሞ ከተከላካዩ ሁለተኛ ጋር ይነጻጸራል። በእያንዳንዱ ንጽጽር የተሸነፈው ወገን አንድ ጦር ያጣል፤ ቁጥሮቹ እኩል ከሆኑ ድሉ የተከላካዩ ነው። ከሚያጠቃው ግዛት አንድ ጦር ምንጊዜም ወደ ኋላ መቅረት ስላለበት፣ ሦስት ዳይስ ለመጣል በግዛቱ ውስጥ ቢያንስ አራት ጦር ያስፈልጋል።

ትልልቅ ጦርነቶችን ዙር በዙር መመልከት ተጫዋቹን ስለሚያሰለች «ፈጣን ውጊያ» የሚል አዝራር ጨምረን ነበር። ክፍሉን የጻፈው ባልደረባችን ዳይስ ማስጣሉን ትቶ አቋራጭ መረጠ። አጥቂው ሦስት፣ ተከላካዩ ሁለት ዳይስ ሲጥሉ የአጥቂው ትልቁ ቁጥር የማሸነፍ ዕድሉ 47.16 በመቶ፣ ሁለተኛው ቁጥር የማሸነፍ ዕድሉ ደግሞ 60.75 በመቶ መሆኑን አሰላ። ሁለቱም አኃዞች ትክክል ናቸው። ፕሮግራሙም በየዙሩ ሁለት ዕጣ እያወጣ፣ አንዱን ለመጀመሪያው፣ ሌላውን ለሁለተኛው ንጽጽር ይጠቀም ጀመር።

ጨዋታው ከወጣ በኋላ ቅሬታ መምጣት ጀመረ። ዳይስ ያጭበረብራል የሚል ቅሬታ በዚህ ዓይነት ጨዋታ የተለመደ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ማንም ቁም ነገር ብሎ አልያዘውም፤ የዚህኛው ልዩነት ግን ቅሬታው ስለ ፈጣኑ ውጊያ ብቻ መሆኑና ከተከላካዮች በኩል መብዛቱ ነበር። ክፍሉን የጻፈው ባልደረባችን የራሱን ፈተና አሳየን፤ ፈተናው ብዙ ዙር አስኬዶ ተከላካዩ በአማካይ በዙር 1.08፣ አጥቂው 0.92 ጦር እንደሚያጡ ይመዘግባል። በወረቀት የተሰላው ትክክለኛ አማካይም ይኸው ነው። ስለዚህ ሥራው ንጹሕ ነው ተብሎ ሊዘጋ ነበር።

ፈተናውን የምትሠራው ባልደረባችን ግን አማካዩን ትታ የውጤቱን ዓይነት ቆጠረች። አንድ ዙር ሦስት መልክ ብቻ ነው ያለው፦ ተከላካዩ ሁለት ጦር ያጣል፣ አጥቂው ሁለት ያጣል፣ ወይም አንድ አንድ ይካፈላሉ። 10,000 ዙር አስኬዳ ስትቆጥር መካፈሉ ከ5,000 በላይ ሆኖ አገኘችው። «ጋሼ፣ እስኪ ይህን ይመልከቱልኝ፤ ሰሌዳው ላይ ስንጫወት ግማሹ ዙር አቻ የሚያልቀው መቼ ነው?» ብላ ወረቀቱን ለቡድን መሪያችን ሰጠችው። እሱም ሳይከራከር የአምስቱን ዳይሶች አጣጣል በሙሉ አንድ በአንድ እንድንቆጥር አዘዘን። ጠቅላላው 7,776 ብቻ ስለሆነ ኮምፒዩተር በቅጽበት ይጨርሰዋል።

```python
from itertools import product
r = [0, 0, 0]
for a, b, c, d, e in product(range(1, 7), repeat=5):
    x = sorted((a, b, c), reverse=True)
    y = sorted((d, e), reverse=True)
    r[(x[0] > y[0]) + (x[1] > y[1])] += 1
print(r)
```

የወጣው መልስ `[2275, 2611, 2890]` ነበር። ይህም ማለት አጥቂው ሁለት ጦር የሚያጣው 29.26 በመቶ፣ አንድ አንድ የሚካፈሉት 33.58 በመቶ፣ ተከላካዩ ሁለት የሚያጣው ደግሞ 37.17 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ነው። የእኛ አቋራጭ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 20.74፣ 50.61 እና 28.65 ይሰጥ ነበር። ሁለቱን ከተከላካዩ ኪሳራ አንጻር ብታሰላቸው አማካያቸው አንድ ነው፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያው ፈተና ምንም ሳያይ ያለፈው።

ጥፋቱ ያለው ሁለቱን ንጽጽሮች እንደማይተዋወቁ ዕጣዎች በመቁጠር ላይ ነው። ንጽጽሮቹ የሚወጡት ከእነዚያው አምስት ዳይሶች ነው፤ አጥቂው መልካም ከጣለ ትልቁም ሁለተኛውም ቁጥር አብረው ከፍ ይላሉ፣ ተከላካዩ ሁለት ስድስት ከጣለ ደግሞ አጥቂው የቱንም ቢጥል ሁለቱንም ይሸነፋል። ቆጠራው ይህን በግልጽ ያሳያል። አጥቂው የመጀመሪያውን ንጽጽር ካሸነፈባቸው 3,667 አጣጣሎች ውስጥ በ2,890ው ሁለተኛውንም ያሸንፋል፣ ይህም 79 በመቶ ያህል ነው። የመጀመሪያውን ከተሸነፈባቸው 4,109 ውስጥ ግን ሁለተኛውን የሚያሸንፈው በ1,834ቱ ብቻ፣ ማለትም 45 በመቶ ገደማ ነው። 60.75 የእነዚህ የሁለቱ ድብልቅ እንጂ በየትኛውም ዙር እውነተኛ ዕድል ሆኖ የሚሠራ ቁጥር አይደለም። በነገራችን ላይ ባልደረባችን ብቻውን አይደለም፤ ይህንኑ ጨዋታ ማርኮቭ ሰንሰለት በሚባል የዕድል ስሌት ያሰላና እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ የአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት የወጣ ጥናት ዳይሶቹን እንዲሁ ነጣጥሎ በመያዙ በ2003 በዚያው መጽሔት በሌላ ሰው ታርሟል።

አማካዩ ካልተለወጠ ተከላካዮቹ ምን ጎደለባቸው የሚለውን ለመመለስ አንድ ትንሽ ጦርነት እስከ መጨረሻው ማስላት ይበቃል። አጥቂው ሦስት ተዋጊ ጦር (በግዛቱ አራት)፣ ተከላካዩ ሁለት ይዘዋል እንበል። አጥቂው ወዲያው የሚያሸንፈው 37.17 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ነው። በመካፈል ካለፈ ሁለት ለአንድ ይቀራሉ፣ ከዚያም የማሸነፍ ዕድሉ 75.4 በመቶ ነው። ሁለት ካጣ ግን አንድ ለሁለት ይቀርና ዕድሉ ወደ 10.6 በመቶ ይወርዳል። እያንዳንዱን መንገድ በራሱ ክብደት አባዝተን ስንደምር 65.6 በመቶ ይመጣል። በአቋራጩ ክብደቶች ስንሠራው ደግሞ 69.0 በመቶ ይሆናል። አቋራጩ ድንገተኛ ሁለት ኪሳራን በማሳነሱና መካፈልን በማብዛቱ፣ ጥቂት ጦር ይዞ በዕድል ሊተርፍ የሚችለውን ተከላካይ ሦስት ነጥብ ከግማሽ ገደማ ያሳጣው ነበር።

እውነተኛው ስሌትም ቢሆን አጥቂውን የሚያደላው ሦስት ዳይስ መጣል እስከቻለ ድረስ ነው፤ ሁለት ለሁለት ሲጣል ተከላካዩ ይበልጣል። ሦስት ተዋጊ ይዞ ሦስት ተከላካይ የሚያጠቃ ሰው የሚያሸንፈው 47.0 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ አምስት ለአምስት 50.6፣ አሥር ለአሥር ደግሞ 56.8 በመቶ ይደርሳል። እኩል ጦር ይዞ ማጥቃት አምስት ላይ ሲደርስ ለአጥቂው የሚያዋጣ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈጣኑን ውጊያ ለማረም ብልሃት አላስፈለገም፤ ፕሮግራሙ ሦስቱን አኃዞች በሠንጠረዥ ይዞ በየዙሩ አንድ ዕጣ ብቻ እንዲያወጣ ተደረገ። ለሁለት ለሁለትም እንዲሁ ሌላ ሠንጠረዥ ተጨመረ። ፈተናውም ከአማካይ ወደ ቆጠራ ተለወጠ፦ በ10,000 ዙር መካፈሉ ከ3,358 በጣም ከራቀ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የተለመደው መዋዠቅ 47 ያህል ስለሆነ እስከ መቶ ድረስ ያለውን ልዩነት ዝም ብለን እናልፈዋለን።

ከእርማቱ በኋላ የመጣው ቀጣይ ቅሬታ የአንድ አጥቂ ነበር፤ በተከታታይ ሦስት ዙር ሁለት ሁለት ጦር ማጣቱን ጽፎ ጨዋታው እንደተበላሸ አስረግጦ ነገረን። የፈተናዋ ባለሙያ 29.26 በመቶን ሦስት ጊዜ አባዝታ ከአርባ አንዴ የሚገጥም ነገር መሆኑን አገኘች፤ ቅሬታውንም «ስህተት አልተገኘም» ብላ ዘጋችው።