«በ500 ብር ተነስታ» የሚለውን መስመር ለምን አጠፋሁት

ቱሉ ዲምቱ ላይ የባልትና ቤት አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እናዘጋጃለን። ባለፈው ዓመት ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች ከማዘዛቸው በፊት «ድረ ገጽ ካላችሁ ላኩልን» ማለት ጀመሩ። የዕቃው ዝርዝር፣ ፎቶውና ስልኩ በአንድ ቀን አለቀ። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። የምወዳቸውን ሰውም አስቀየመብኝ። ቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩት። ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው ተብለን ስላደግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ድርጅታችን በፈጣሪ ፈቃድ ተመሥርቶ፣ በርካታ ውጣ ውረዶችን አልፎ ለዚህ በቅቷል» ብዬ ጻፍኩ። ፈጣሪን ማመስገኔ ከልቤ ነው። ግን ይህን ያነበበ ገዢ በርበሬውን ማን እንደሚቀነጥሰው፣ ማን እንደሚደልዘው አያውቅም። እኔ ትሕትና ያልኩት ነገር ለእሱ ባዶ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ለሚጽፍ ሰው ከፈልኩ። አንድ ሰዓት በስልክ ጠየቀኝ፤ በሦስተኛው ቀን ላከልኝ። መግቢያው እንዲህ ይላል፦ «በ500 ብር ብቻ ተነስታ ዛሬ በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነች ባለ ራዕይ ሴት።»

500 ብሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ለጎረቤት ሽሮ ፈጭቼ ሸጬ ነበር፣ የዚያ መነሻ 500 ብር ነው። ሥራው የተጀመረበት ገንዘብ ግን ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የባለቤቴ ታላቅ እህት ዕቁብ ደረሳቸው። እትዬ ያንን ብር እንዳለ አምጥተው ሰጡኝ። ድለዛ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ የነጭ ሽንኩርቱንና የዝንጅብሉን ልክ፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ መቼ እንደሚገባ፣ ሁሉንም።

ለጸሐፊው ነገርኩት። «ሰው ከታች የተነሳ ሰው ማንበብ ይወዳል፣ ዕቁቡ ታሪኩን ያደክመዋል» አለኝ። ዝም አልኩ። በእሱ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል። እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። «ገንዘብ ያዋሰኝ ሰው ነበር» ማለት የሚያሳንሰኝ መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

ገጹ ወጣ። የእትዬ ልጅ እሁድ ቡና ላይ ከስልኳ አነበበችላቸው። እኔ አልነበርኩም። በሚቀጥለው ድለዛ እትዬ ቀሩ። አመማቸው ብዬ አሰብኩ። በተከታዩም ቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ፣ ልጆቹን ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራው ግን ምንም አላነሱም። ልወጣ ስል በር ላይ እንዲህ አሉኝ፦

«ብሬን ከፍለሽኛል፣ ዕዳ የለብሽም። ግን በ500 ብር ጀመርኩ ካልሽ፣ እኔ የት ገባሁ?»

መልስ አልነበረኝም። በታክሲው ሙሉ መንገድ ይኸው ቃል ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።

በዚያው ወር አንድ የሆቴል ግዢ ኃላፊ ናሙና ወስዶ ደወለልኝ። ሰውዬው ለዓመታት መርካቶ በርበሬ ተራ ሲገዛ የኖረ ነው። «በርበሬሽ ጥሩ ነው፤ ግን ያን ጊዜ በ500 ብር አንድ ፈረሱላ ዛላ እንኳ አይገኝም ነበር። እሱን ሳነብ የቀረውንም መጠርጠር ጀመርኩ» አለኝ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው አንዷን ቁጥር ይዞ ገጹን በሙሉ ጣለው። ያሞካሸኛል ብዬ የተውኩት መስመር ዘመድም ገዢም አሳጣኝ።

ገጹን አውርጄ እንደገና ጀመርኩ። የድሮ የሒሳብ ደብተሬን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የወፍጮ ቤት ደረሰኞችን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። በእነዚህ የማይረጋገጥ ነገር እንዳይገባ ወሰንኩ። «ግንባር ቀደም» ወጣ። የሚለካው ነገር የለም፤ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ከፍተኛ ጥራት»ም ወጣ። በቦታው ይህን ጻፍኩ፦ «ዛላውን በእጅ እንቀነጥሳለን። ከአንድ ኩንታል ወደ 14 ኪሎ የሚሆን ጫፍና የሻገተ ዛላ አውጥተን እንጥላለን።» ራሴን አላመሰገንኩም፣ የምሠራውን ነው የነገርኩት። የፈለገ መጥቶ ሚዛኑ ላይ ማየት ይችላል።

በአንድ ሥልጠና ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ከላይ ይቀመጡ፣ ስለ ኪሳራ አይጻፍ ተብለን ነበር። በሁለቱም አልስማማም። ራዕያችንን ጨርሶ አወጣሁት፤ ከሌላው ባልትና ቤት ራዕይ የሚለየው ነገር አልነበረም። ኪሳራውን ግን አስገባሁ።

በ2011 ነሐሴ ሦስት ኩንታል ድልዝ ይዘን ፀሐይ ጠፋ። ቤት ውስጥ ላስቲክ ላይ ዘረጋነው። በአራተኛው ቀን ሽታው ተለወጠ፣ ነጭ ነገርም ጣለበት። «አድርቃችሁ አስፈጩት፣ ቀለሙ ይሸፍነዋል» ያሉን ነበሩ። ሻጋታው ሊተወው የሚችለው አፍላቶክሲን ግን በማመስም በመፍጨትም ሙሉ በሙሉ የማይጠፋ መርዝ ነው። ሁሉንም ጣልን። ከዚያ ወዲህ በሐምሌና በነሐሴ አንደልዝም፤ የክረምቱን በበጋ አዘጋጅተን እናስቀምጣለን።

ይህ አንቀጽ የገባው ልብ እንዲነካ አይደለም። ገዢው በክረምት ለምን አዲስ ድልዝ እንደማንሠራ ይረዳል፣ ሐምሌ ላይ መጥቶም ማረጋገጥ ይችላል። ከቤት አከራይ ጋር የተጣላሁበትን ታሪክም ጽፌ ነበር። እሱ ዛሬ በሥራችን ላይ ያስቀረው ደንብ ስለሌለ ሰረዝኩት። አንጀት የሚበላ ቢሆንም ለአንባቢው የሚጠቅም ነገር አልነበረውም።

ሌላ የለወጥኩት «እኛ» የሚለውን ነው። ድሮ ሁሉም ቦታ «እኛ» ነበር፤ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም። አሁን እኔ ያደረግኩትን «እኔ» እላለሁ። ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ያደርኩት፣ ሱቅ ለሱቅ ናሙና ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን መናገር ጉራ አይደለም። የሌላውን ሰው ድርሻ ግን በዚያው አንቀጽ፣ በዚያው ልክ አስቀምጣለሁ። ጉራ የሚመስለው የሌላው ሰው ቦታ ባዶ ሲሆን ነው።

በመጨረሻ ረቂቁን ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ። ገጹን ከማውጣቴ በፊት መሆን የነበረበት ይህ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስማው። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «በ2008 ዓ.ም. የባለቤቴ ታላቅ እህት የደረሳቸውን 24,000 ብር ዕቁብ ሰጡኝ። ድለዛ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። «24 ሺህ አልነበረም» አሉኝ። «ለዳኛው 500 ብር ተቀንሶ ነበር። ትክክለኛውን ጻፊ።»

አሁን ገጹ ላይ ያለው 23,500 ነው። የሚቀጥለው ድለዛ ቅዳሜ ነበር፤ ከሁላችን ቀድመው መጥተው ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ ደረስኩ።