ሁለት የብሉቱዝ ስፒከሮችን ከአንድ ስልክ ሳጫውት ያስቸገረኝ የጊዜ ልዩነት

ሥሪታቸው የተለያየ ሁለት የብሉቱዝ ስፒከሮች ነበሩኝ። አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን ከሳሎኑ ጋር በክፍት በር በሚገናኘው ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ ከስልኬ የማጫውተው ሙዚቃ ከሁለቱም እኩል እንዲወጣ ፈለግሁ። በመጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ሁለቱንም ከስልኩ ጋር አገናኘኋቸው። በብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም ተገናኝተዋል ተብለው ቢታዩም ሙዚቃው የወጣው ከአንዱ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ የስልኩ ብልሽት አይደለም። አንድ ስልክ ከብዙ መሣሪያዎች ጋር በአንድ ጊዜ መገናኘት ይችላል፤ ነገር ግን ሙዚቃ የሚተላለፍበት ኤቱዲፒ የተባለው የብሉቱዝ ሥርዓት የተሠራው ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ እንዲሄድ ነው። ስለዚህ ስልኩ ሁለት ስፒከሮችን ማጫወት ካለበት ያንኑ ሙዚቃ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ መስመሮች መላክ አለበት። ይህን የሚያደርጉት አንዳንድ ስልኮች ብቻ ናቸው። እኔ የምጠቀምበት ስልክ ከእነዚህ አንዱ ስለነበር፣ ሙዚቃው እየተጫወተ Media output የሚለውን ከፍቼ ከሁለቱም ስፒከሮች ስም ጎን ምልክት አደረግሁ። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ይኸው ነገር Dual audio በሚል ስም በብሉቱዝ ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል።

ከሁለቱም ድምፅ ሲወጣ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው በር ላይ ስቆም ግን እያንዳንዱ የከበሮ ምት ሁለት ጊዜ ይሰማኝ ጀመር፤ የዘፋኙም ቃል ከኋላው ጥላውን እያስከተለ ይመጣ ነበር።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በጆሮ መገመት ስላልፈለግሁ ለካሁት። ሁለቱን ስፒከሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ሌላ ስልክ ከሁለቱም እኩል አንድ ሜትር ርቀት ላይ አደረግሁና ድምፅ መቅጃውን ከፈትሁ። ከዚያም በሙዚቃው ፋንታ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» የሚል የሜትሮኖም ድምፅ አጫወትሁ። ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቼ ሞገዱን ሳጎላው፣ በእያንዳንዱ ሰከንድ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ቀጫጭን ሹል መስመሮች ቆመው አየሁ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 90 ሚሊሰከንድ ያህል ነበር።

ይህ ክፍተት የሚፈጠረው በስፒከሮቹ ውስጥ ነው። ብሉቱዝ ስፒከር የሚደርሰውን ድምፅ ወዲያው አያወጣውም፤ በሬዲዮ ሲመጣ የጠፋ ነገር ቢኖር እንደገና እስኪላክ ድረስ ሙዚቃው እንዳይቆራረጥ ጥቂቱን በማህደረ ትውስታው ያቆያል፤ ከዚያም የታመቀውን ድምፅ ፈትቶ ያጫውታል። ምን ያህል እንደሚያቆይ የሚወስነው የስፒከሩ ሠሪ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ብቻውን ሲሠራ መዘግየቱ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው አይታወቀውም፤ የሚያነጻጽረው ነገር ስለሌለ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የመዘግየታቸው ልዩነት በግልጽ ይወጣል። ልዩነቱ በግምት ከ30 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ጆሮ ሁለቱን ድምፆች እንደ አንድ ይቀበላቸዋል፤ ከዚያ እየሰፋ ሲሄድ፣ በተለይ እንደ ከበሮና ጭብጨባ ባሉ አጫጭር ድምፆች ላይ፣ ማሚቶ ሆኖ ይሰማል።

ቀድሞ የሚጮኸውን ስፒከር ከአድማጩ በማራቅ ልዩነቱን ላካክሰው አሰብሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 90 ሚሊሰከንድን ለማካካስ ቀዳሚው ስፒከር ከሌላው ይልቅ ወደ 31 ሜትር ያህል መራቅ ነበረበት። በቤት ውስጥ ይህ የማይታሰብ ነው። ደግሞም ስፒከሮቹን አጥፍቼ እንደገና ሳገናኝና ስለካ ክፍተቱ ወደ 70 ሚሊሰከንድ ወርዶ አገኘሁት። በየግንኙነቱ የሚለዋወጥን ልዩነት በቦታ አቀማመጥ ማስተካከል እንደማይቻል የተረዳሁት በዚህ ነው።

ቀጥሎ የሞከርሁት ሽቦ ነው። ሁለቱም ስፒከሮች የኦክስ መግቢያ ስለነበራቸው፣ የስልኩን የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ለሁለት በሚከፍል ማከፋፈያና በሁለት ኬብሎች አገናኘኋቸው። በዚሁ የመለኪያ መንገድ ሳየው ልዩነቱ ወደ 4 ሚሊሰከንድ ወረደ፤ ማሚቶውም ጠፋ። ስፒከሮቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀራርበው የሚቀመጡ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር፤ ለተለያየ ሥሪት ስፒከሮች እስካሁን ከሞከርኋቸው ሁሉ አስተማማኙ ይኸው ነው። የእኔ ፍላጎት ግን ሁለት ክፍል ስለነበር ኬብሉ በሩን አቋርጦ ማለፍ ነበረበት። አንዱን በኦክስ፣ ሌላውን በብሉቱዝ ላድርግ የሚል ሰው ካለ አይድከም፤ ስልኩ ሁለቱን አንድ ላይ ቢያጫውት እንኳ በሽቦ ያለው ወዲያው ሲጮኽ የብሉቱዙ ሙሉ መዘግየቱን ይዞ ስለሚመጣ ማሚቶው ይብሳል።

በመጨረሻ መፍትሔ የሆነኝ ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱን የመሰለ፣ ያው ሞዴል የሆነ ሁለተኛ ስፒከር ማግኘቴ ነው። እነዚህ ስፒከሮች እርስ በርስ የሚጣመሩበት አሠራር አላቸው፤ በዚህ አሠራር ስልኩ የሚያውቀው አንዱን ስፒከር ብቻ ነው፤ ሙዚቃውን የተቀበለው ስፒከር ለጓደኛው ያካፍላል፤ በየትኛው ቅጽበት እንደሚጮኹም ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ያጣመርኋቸው እንዲህ ነው፦ አስቀድሜ ሁለተኛው ስፒከር ከስልኩ ዝርዝር ውስጥ እንዲሰረዝ አደረግሁ፤ ከዚያ አንደኛውን ብቻ ከስልኩ ጋር አገናኝቼ ሙዚቃ ከጀመርሁ በኋላ በሁለቱም ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ ተጫንሁ። የመጀመሪያ ሙከራዬ የከሸፈው ሁለተኛውን ሳልሰርዘው ቀርቼ ነው፤ ልክ እንደበራ ራሱ ከስልኩ ጋር እየተገናኘ ለጓደኛው አልታዘዝ ብሎ ነበር።

ከተጣመሩ በኋላ ስለካ በቅጂው ላይ የሚለይ ሁለተኛ መስመር አላየሁም። አንድ ነገር ግን ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ነበር። ስፒከሮቹ ሁለት ዓይነት አጣማመር አላቸው፤ በስቲሪዮ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ብቻ ያጫውታል፤ በሌላው ደግሞ ሁለቱም ሙሉውን ሙዚቃ ያወጣሉ። እኔ ስቲሪዮውን መርጬ ስለነበር አንድ የቆየ ዘፈን ስከፍት ሳሎን የነበረው ሰው ክራሩን፣ ሌላው ክፍል ያለው ድምፃዊውን ብቻ ይሰማ ነበር። ለሁለት ክፍል ሁለተኛው ዓይነት ነው የሚሆነው።

የዚህ መንገድ ትልቁ ገደብ ማጣመሪያው የየሠሪው የግል ቋንቋ መሆኑ ነው። የአንዱ ድርጅት ስፒከር ከሌላው ድርጅት ጋር አይጣመርም፤ በአንድ ድርጅት ሥር ያሉ የቀድሞና የአሁን ሞዴሎች እንኳ የማይግባቡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁለተኛ ስፒከር የሚገዛ ሰው «ብሉቱዝ አለው» በሚለው ሳይረካ፣ የማጣመሪያው ስም ቀድሞ ካለው ስፒከር ጋር አንድ መሆኑን ቢያረጋግጥ ይሻላል። በ2022 ይፋ የሆነው ኦራካስት የተባለው የብሉቱዝ አሠራር ይህን ለመፍታት የታሰበ ነው፤ አንድ ላኪ ድምፁን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ይበትናል፣ ስንትም ተቀባይ ቢሆን የሚጮኽበትን ጊዜ ከስርጭቱ ላይ ያገኛል። ሆኖም ላኪውም ሆነ ስፒከሮቹ ሁሉ ይህን አሠራር የያዙ መሆን አለባቸው።

ሌላው ገደብ በስፒከሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በበሩ በኩል ሲተያዩ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ በሩ ተዘግቶ ሰዎች በመካከሉ ሲቆሙ ግን ሁለተኛው ስፒከር መቆራረጥ ይጀምራል፤ ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሰው ሰውነት ስለሚውጠው ነው። አሁን ሁለቱንም ከሰው ትከሻ በላይ በሆነ መደርደሪያ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መቆራረጡ ቀርቷል።