የማከፋፈያ መኪናችን በዓመቱ መሃል በኪሳራ ስትሸጥ ሂሳቡን እንዴት እንደዘጋሁት

ጅማ ውስጥ ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ የሚያከፋፍል ድርጅት ሂሳብ እይዛለሁ። ሁለት ትናንሽ የጭነት መኪኖች ነበሩን፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን የተገዙ። አንዷ ወደ አጋሮና ሊሙ ገነት ትወጣለች፣ ሌላዋ ወደ ሰቃና ዴዶ። የሊሙዋ ጥር 2017 ላይ ተሸጠች።

ብዙ ሰው "መኪና ደግሞ በዚህ ጊዜ ይከስራል እንዴ?" ይላል። እውነት ነው፣ ብሩ ሲወርድ ያገለገለ መኪና ከመዝገብ ዋጋው በላይ ሲሸጥ ነው የምናየው። የእኛዋ ግን ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ኅዳር ላይ ቆመች። መለዋወጫ ቢፈለግ ጠፋ። ገዢውም ያንን አውቆ ነው የተደራደረው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የቋሚ ንብረት መዝገቡን ገልጦ የመኪናዋን ሙሉ ዋጋ ማግኘት ነው። ሙሉ ዋጋ ስል የግዢ ደረሰኙን ብቻ አይደለም። መኪናዋ ያለ ቫት 1,200,000 ብር ተገዝታለች። የኋላው የጭነት ሳጥን ደግሞ እዚሁ ጅማ በ60,000 ብር ተሠርቶላታል። ሳጥኑ በሌላ ካርድ ነበር የተመዘገበው። መኪናዋ ስትሸጥ ሳጥኑም አብሮ ሄዷል፤ ስለዚህ ሁለቱም መውጣት አለባቸው። ሁለተኛውን ካርድ ያላየ ሰው፣ የሌለ ሳጥን ለዓመታት እርጅና ሲያስብለት ይኖራል። ከመነሻው ግን እርጅናው በሁለቱ ድምር ላይ ነው ሲሰላ የቆየው፣ በ1,260,000 ብር።

የአገልግሎት ዘመኗ 6 ዓመት፣ በመጨረሻ ታወጣለች ተብሎ የተገመተው ቀሪ ዋጋ 180,000 ብር ነው። ዘዴው ቀጥታ፣ ማለትም በየዓመቱ እኩል መጠን ነው። 1,260,000 ሲቀነስ 180,000 ይሆናል 1,080,000። ለ6 ሲካፈል በዓመት 180,000፣ በወር 15,000 ብር።

ሥራ የጀመረችው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ነው። በጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የደረሳት የ9 ወር ነው፤ 135,000 ብር። ለ2015 ሙሉውን 180,000፣ ለ2016ም እንዲሁ። ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ የተጠራቀመው የእርጅና ቅናሽ 495,000 ብር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጳጉሜን አንድ ነገር ልበል። በወር የሚሰላ ከሆነ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትጠቃለላለች እንጂ ራሷን ችላ 15,000 አትበላም። ዓመቱን ለ13 ያካፈለ ሰንጠረዥ አይቻለሁ። የዓመቱ ድምር አይዛባም፤ ንብረት በመሃል ሲሸጥ ግን ቁጥሩ አልገጥም ይላል፣ ምክንያቱም አምስት ቀን እንደ ሙሉ ወር ተቆጥሯል።

አሁን ወደ ዋናው። እኛ ዘንድ የእርጅና ቅናሽ የሚመዘገበው በዓመት አንዴ፣ ሰኔ 30 ላይ ነው። መኪናዋ ስትሸጥ የ2017 እርጅና ገና አልተመዘገበም። ሽያጩን ከመመዝገቤ በፊት ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ሽያጩ ያለውን እርጅና ማስገባት ነበረብኝ። ይህ ደረጃ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው።

እስከ መቼ የሚለው ራሱ ክርክር ነበረው። መኪናዋ ኅዳር ላይ ቆማለች። ከገዢው ጋር በቃል የተስማሙት ታኅሣሥ ላይ ነው። ውል ተፈርሞ ቁልፉና ሊብሬው የተላለፉት ደግሞ ጥር 28። ግቢ ውስጥ ቆማ የከረመችበት ጊዜ ይቀነስ የሚል ሐሳብ መጣ። አይቀነስም። ቀጥታው ዘዴ ጊዜን ነው የሚቆጥረው፤ መኪና ስለቆመ እርጅናው አይቆምም። እኛ የምንከተለው የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ስታንዳርድም ይህንኑ ነው የሚለው። ሙሉውን ስታንዳርድ የሚከተሉ ትልልቅ ድርጅቶች ንብረቱን "ለሽያጭ የተያዘ" ብለው ሲመድቡት እርጅናውን ያቆማሉ፤ በእኛኛው ግን ያ ምድብ የለም። በቃል መስማማትም ሽያጭ አይደለም። የሚቆጠረው መኪናዋ በእርግጥ ከእጃችን የወጣችበት ቀን ነው። ከወሩ 15 በኋላ የወጣ ንብረት ወሩ ሙሉ ይታሰብለታል የሚል ፖሊሲ ስላለን፣ ጥርም ገባ። ሰባት ወር ሆነ። ኤክሴል ላይ እንዲህ ነው፦

```
=(1260000-180000)/6/12*7
```

105,000 ይሰጣል። የመጀመሪያው ምዝገባ ይኸው፦

ዴቢት፦ የእርጅና ቅናሽ ወጪ (ማከፋፈያ መኪና) 105,000
ክሬዲት፦ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ (ማከፋፈያ መኪና) 105,000

የተጠራቀመው 600,000 ደረሰ። ከ1,260,000 ሲቀነስ የመዝገብ ዋጋዋ 660,000 ብር ነው።

ባንክ የገባው 575,000 ብር ነው። በዚህ ቁጥር ከተሄደ ኪሳራው 85,000 ይመስላል። ነገር ግን ድርጅቱ የቫት ተመዝጋቢ ነው፣ ያገለገለ የድርጅት መኪና ሲሸጥም ቫት አለው። 575,000 ለ1.15 ሲካፈል ዋጋው 500,000 ነው፤ 75,000ው የእኛ ገንዘብ አይደለም፣ ለመንግሥት የሚሄድ ነው። የሽያጭ ውጤቱ የሚለካው በ500,000 ነው። ኪሳራው 160,000 ብር።

ሁለተኛው ምዝገባ፦

ዴቢት፦ ባንክ 575,000
ዴቢት፦ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ (ማከፋፈያ መኪና) 600,000
ዴቢት፦ ከቋሚ ንብረት ሽያጭ የደረሰ ኪሳራ 160,000
ክሬዲት፦ ማከፋፈያ መኪና (ሳጥኑን ጨምሮ) 1,260,000
ክሬዲት፦ የሚከፈል ቫት 75,000

ሁለቱም ወገን 1,335,000። ግን ድምሩ ስለገጠመ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ቫቱን ረስተው 85,000 ኪሳራ ብለው ቢመዘግቡም ይገጥማል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የዚያች ሰሌዳ ቁጥር የዋጋ ካርድም የእርጅና ካርድም ዜሮ መሆን አለባቸው። የእርጅና ካርዱ ላይ ቀሪ ካለ የዘንድሮው ክፍል ተዘሏል ወይም ሁለቴ ገብቷል። የዋጋ ካርዱ ላይ 60,000 ከቀረ ሳጥኑ ተረስቷል። ከዚያ የእርጅና ሰንጠረዡን ከፍቼ የመኪናዋን መስመር ጥር ላይ ዘጋሁት። ካልተዘጋ ሰኔ 30 ላይ ሰንጠረዡ ሳያመነታ የዓመቱን 180,000 ያወጣል፣ የሚያስገባውም ሰው አያስተውልም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "የ7 ወሩን እርጅና ብትዘይውስ? ዞሮ ዞሮ ያው አይደል?" ብሎኝ ነበር። በትርፍና ኪሳራ ድምር ላይ ያው ነው። እርጅናው ቢዘለል ኪሳራው 265,000 ይሆናል፤ 105,000 እና 160,000 ሲደመርም 265,000 ነው። ልዩነቱ የሚታየው ወጪው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። እርጅናው ከነዳጅና ከሾፌር ደሞዝ ጋር ማከፋፈያ ወጪ ውስጥ ይገባል። የሊሙ መስመር ያዋጣል ወይ የሚለውን የምናሰላው ከዚያ ነው። እርጅናውን ወደ ኪሳራ ከገፋነው መስመሩ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በነፃ መኪና የሠራ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ለባለቤቱ ማስረዳት ነበር። ሐጂ ወረቀቱን አይተው "እኔ በአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ገዝቼ በአምስት መቶ ሸጥኩ። አንቺ ኪሳራው መቶ ስድሳ ነው ትያለሽ። የቀረው የት ገባ?" አሉኝ።

"ሐጂ፣ የቀረውን በየዓመቱ ቆርጠን ጨርሰነዋል" አልኳቸው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሪፖርት አወጣሁና የእርጅናውን መስመር በእስክሪብቶ አሳየኋቸው። 135፣ 180፣ 180፣ የዘንድሮው 105። ስድስት መቶ ሺህ ቀድሞ ከትርፍ ላይ ወጥቷል። ሳጥኑን ጨምሮ ከወጣው 1,260,000 ላይ የሽያጩ 500,000 ሲነሳ የጠፋው 760,000 ነው። 600,000ው በእርጅና፣ 160,000ው አሁን በኪሳራ ተመዘገበ።

ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲያ ዋጋ ጥለን አልሸጥንም?" አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም "ኪሳራ" ሲባል ሁሉም ሰው ገዢው በለጠን ብሎ ነው የሚያስበው። ይህ ቁጥር ግን ስለ ድርድሩ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። መኪናዋ ከእኛ ጋር 40 ወር ቆይታለች። 760,000 ለ40 ሲካፈል በወር 19,000 ነው። እኛ ስንቆርጥ የነበረው 15,000። በወር 4,000 ሲጎድል ኖሮ በ40 ወር 160,000 ሆነ። ግምታችን ቀርፋፋ ነበር፣ ሽያጩ እሱን ነው ያወጣው።

ለግብር ግን ይህ 160,000 እንዳለ አይወሰድም። ለግብር የሚሠራው የእርጅና ሰንጠረዥ ሌላ ነው፤ መጣኔው የሚወሰነው በደንብ ስለሆነ የመኪናዋ የመዝገብ ዋጋም እዚያ ላይ ይለያል። የሽያጭ ውጤቱን በዚያኛው ሰንጠረዥ ለብቻው አስልቼ፣ ልዩነቱን በዓመቱ ማሳወቂያ ላይ አስተካከልኩ።

ከሽያጩ በኋላ ያየሁት የሰቃዋን መኪና ነው። ያው ዓይነት፣ ያው ዕድሜ፣ የመዝገብ ዋጋዋም ጥር 30 ላይ ያው 660,000 ነው። እህቷ ተሸጣ ይህን ካሳየችን በኋላ በድሮው ግምት መቀጠል አይቻልም። ከጋራዡ ሰው ጋር ተነጋገርንና ቀሪ ዋጋዋን ከ180,000 ወደ 100,000 አወረድነው። የቀራትን ጊዜ ከ32 ወር ወደ 28 አሳጠርነው። የመዝገብ ዋጋው መኪናዋ ብትሸጥ ወይም ብትሠራ ከምታስገኘው ገንዘብ እንዳይበልጥም አየን፤ ይህቺኛዋ ደህና እየሠራች ስለሆነ ተጨማሪ ቅናሽ አላስፈለጋትም።

የግምት ለውጥ ወደፊት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያለፉት ዓመታት አይነኩም። 660,000 ሲቀነስ 100,000፣ ለ28 ሲካፈል በወር 20,000 ብር ወጣ። ስለዚህ ሰኔ 30 ቀን 2017 ላይ ለሰቃዋ መኪና ያስገባሁት እርጅና የሐምሌ እስከ ጥር 105,000 እና የየካቲት እስከ ሰኔ 100,000፣ ባጠቃላይ 205,000 ብር ነው። ማብራሪያው ላይ ደግሞ ግምቱ ለምን እንደተቀየረና በዓመቱ ወጪ ላይ 25,000 ብር እንደጨመረ ጻፍኩ።